የሚመለስና የማይመለስ

ከይሪያ ሸረፈዲን ጨዋ ሴት ናት የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ገራም ናት የሚል ካለ ግን አያውቃትም። ሾላ ገበያ፣ ከእህል ተራው ወጣ ብሎ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ጥግ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ነበረቻት። የምትሸጠው ፔርሙዝና ፋኖስ ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስቱን ልጆቿን የምታበላው ከዚያች ጠባብ ሱቅ ነው፤ ሌላ ሱቅም፣ ሌላ ዘመድም፣ ሌላ ተስፋም የላትም። ስለዚህ በዚያ ሱቅ የመጣባትን ሰው በልጆቿ ጉሮሮ እንደመጣባት ትቆጥረዋለች፤ ፊቷም ወዲያው ያስታውቃል።

ዕቃውን የምታመጣው በኮታ ነው፣ ከመንግሥት የጅምላ መጋዘን። መጋዘኑ የራሱ ጠባይ አለው። ካርቶኑ ከበሩ ከወጣ በኋላ ውስጡ ሙሉ ይሁን ስባሪ አያገባውም፤ ቅሬታ ይዞ የሄደ ነጋዴ በመጣበት እግሩ ይመለሳል። የፔርሙዝ ነገር ደግሞ ይታወቃል። ከውጭ አበባ የተሳለበት ቆርቆሮ፣ ከውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ጠርሙስ። ገዢ ሰብሮ አምጥቶ «ስገዛው ነው የተሰበረው» ካለ ኪሳራው የከይሪያ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገች ለሚቀጥለው ኮታ የምትከፍለው አይኖራትም፤ ኮታውን ያላነሳ ነጋዴ ደግሞ ተራው ለሌላ ይተላለፋል። አበቃ፣ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያደረገችው ሁሉም የሚያደርገውን ነው። ገበየሁን ጠራችው። ገበየሁ በቀበሌው አጥር ላይ መፈክር የሚጽፍ ጽሑፍ ቀቢ ነው፤ እጁ ከመልመዱ የተነሳ የሽንኩርት ዋጋ ጻፍ ቢሉት መጨረሻው ላይ «ያቸንፋሉ» ሊጨምርበት ይዳዳዋል። በጣውላ ላይ በቀይ ቀለም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጻፈላት፤ በሩ ላይ ሰቀለችው።

ያ ዘመን አገሩ በሙሉ ማንበብ የተማረበት ዘመን ነው። ትናንት ጣቱን በቀለም ነክሮ ይፈርም የነበረ ሽማግሌ ዛሬ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የሳሙና ማሸጊያ፣ የአውቶቡስ ጎን፣ የሱቅ በር። ያውም ጮክ ብሎ፣ ፊደል በፊደል። ገዢ መጥቶ ፔርሙዙን አንስቶ እያገላበጠ ሳለ ዓይኑ ጣውላው ላይ ያርፋል፤ «አ... ይ... መ... ለ... ስ... ም» ይላል። ከዚያ ፔርሙዙን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል።

«ምን ቢያውቁበት ነው ከአሁኑ አይመለስም ያሉት?» አለች አንዷ ለጓደኛዋ፣ ከይሪያ እየሰማቻት። ሁለቱም ሄዱ። ያን ወር ከይሪያ የሸጠችው ማንበብ ላልተማሩት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ተናደደችና ጣውላውን አገላበጠችው። በጀርባው በኩል ገበየሁ «ያልተመቸዎትን ዕቃ እንመልሳለን» ብሎ ጻፈላት። ይህን ጊዜ ገዢው ጎረፈ። ከይሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ ይኸው ነው ለካ» ብላ ሳትጨርስ ደግሞ ዕቃው ይመለስ ጀመር። ከኮተቤ ወዲህ አንድ ለቅሶ ቤት ነበር፤ የለቅሶው ሰዎች አራት ፔርሙዝ ገዝተው በሠልስቱ ማግስት አራቱንም መለሱ። «አልተመቸንም» አሉ። ከይሪያ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ ቀረፋና ቅርንፉድ። አንደኛው ውስጥ የሻይ ቅጠሉ ራሱ ተጣብቆበታል። በሳምንቱ ሠርግ ነበረ፤ የሠርጉም ተመለሰ። ሱቋ ወርሃዊ መዋጮ የማይከፈልበት እድር ሆኖ አረፈው። ለቅሶ የደረሰበት ወደሷ፣ ድግስ ያለበት ወደሷ፤ ይወስዳል፣ ይገለገልበታል፣ አጥቦ ይመልሳል። አንዳንዱማ ሳያጥብ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብላ ማሰብ የጀመረችው። አባቷ ሸረፈዲን ነፍሱን ይማረውና ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ጨርቁ ላይ ብል የበላው ቦታ ካለ ገዢው ሳያየው ጣቱን ሰክቶ ያሳየዋል። «ነውሩን የደበቀ ሻጭ በረካ የለውም» ይል ነበር፤ «ገዢም የመመለስ መብት አለው፤ መብቱ ግን ጊዜ አለው። ጊዜ የሌለው መብት ሌብነት ይሆናል።» በልጅነቷ ስትሰማው አሰልቺ ወግ ነበር። አሁን ግን ፈላጊዋ እሷ ናት።

«እንደገና እንጽፈው» አለችው ገበየሁን፣ ሱቋ ውስጥ ባለ ካርቶን ላይ አስቀምጣ። «ሁለቱም ዓይነት አልሆነም። አንዱ ሰው ያባርራል፣ አንዱ እኔን ያባርራል።»

«ታዲያ ያገለገለ ዕቃ አይመለስም እንበላ። አጭር ነው፣ ቀለምም አይፈጅ።»

ከይሪያ ጥሩ መሰላት። ቀለሙ ሳይቀርብ ግን አንዲት ሴት ፔርሙዝ በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ባሏ ሆስፒታል ተኝቷል። ሻይ ይዛለት ሄዳ ሌሊት ሊጠጣ ሲል በረዶ ሆኖ ጠበቀው። ከይሪያ የፈላ ውሃ ሞላችበት፤ ትንሽ ቆይታ ከውጭ ስትዳስሰው ቆርቆሮው ሞቋል። ሙቀቱን የሚይዘው በጠርሙሱ ድርብ ግድግዳ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ነውና፣ እሱ አየር ከገባው ከቡና ጣሳ አይሻልም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ነው ብልሹ።

«ይህቺም እኮ ተጠቅማበታለች» አለ ገበየሁ ሴትየዋ አዲስ ተለውጦላት ስትሄድ።

«ካልተጠቀመችበት በምን ታውቀው ኖሯል?» አለች ከይሪያ። «የኛ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ሰው አንድ ላይ እያሰርን ነው። አንዱ ዕቃው የበደለው ነው፤ እሱ ተጠቀመም አልተጠቀመም ይመለስለታል። አንዱ ሐሳቡን የለወጠ ነው፤ እሱ ያልነካውን ብቻ ይመልስ። ለየብቻ ጻፍልኝ።»

«ይረዝማል።»

«ይርዘም። መጀመሪያ የምናደርገውን ጻፍ፣ የማናደርገው ከታች ይምጣ። ሰው አይ የሚለውን መጀመሪያ ካነበበ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያነብም፤ አይተናል።»

ጽፈው ሲደልዙ፣ ደልዘው ሲጽፉ ዋሉ። ገበየሁ «ሕግ» ብሎ የጻፈውን እሷ አጠፋችው፤ ሕግ ሲባል ሰው የሚጠረጠር ይመስለዋል። «ቅጣት» ያለውንማ ጭራሽ አልፈለገችም። «በአስቸኳይ ይመለስ» ያለውን ደግሞ «አስቸኳይ ማለት ለኔ ዛሬ ነው፣ ለገዢው ፋሲካ ነው፤ ቀኑ ይታወቅ» አለች። ከእንጦጦ የሚወርደውም ከኮተቤ የሚመጣውም ገበያ የሚወጣው ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ይሁን ተባለ። በመጨረሻ ጣውላው እንዲህ ሆነ፦

«ከመክፈልዎ በፊት ፔርሙዙን በፈላ ውሃ፣ ፋኖሱን በላምባ ሞክረን እናሳይዎታለን።
ጉድለት ካገኙበት፣ ተጠቅመውበትም ቢሆን፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ያምጡት፤ እንለውጣለን፣ የምንለውጠው ከሌለን ገንዘብዎን እንመልሳለን።
ሐሳብዎን ከለወጡም፣ ያልተነካውን ዕቃ እስከዚያው ቅዳሜ እንቀበላለን።
ተገልግለውበት የጨረሱትን፣ ወድቆ የተሰበረውን ግን አንቀበልም።
ገዢው ማንም ይሁን ማን ውላችን አንድ ነው።»

ገበየሁ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ብሩሹን አነሳ። «ይህቺ ትቅር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን?»

«ማንም ይሁን ማን ሲባል ማን እንደሚቆጣ ታውቂያለሽ። እኔ በየግድግዳው የምጽፈው ለነሱ ነው፤ አውቃቸዋለሁ።»

«ከላይ ያለው ሁሉ ለደሃ ብቻ ከሆነ ታዲያ ምኑን ጻፍኩት? ጻፋት።»

ጻፋት። ወደ መንገዱ እያየ ስለጻፋት የመጨረሻዋ መስመር ከሌሎቹ ጎበጥ አለች።

ጣውላው ሥራውን ሠራ። ሰው እያነበበ ይገባል፤ «ሞክሪልኝ» ይላል፤ ማንቆርቆሪያው ሁልጊዜ ይፈላል። ከይሪያ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ታለቀልቅበታለች፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ድንገት የፈላ ሲነካው ይሰነጠቃልና፤ ከዚያ ትሞላዋለች፣ ገዢው በራሱ እጅ ይዳስሰዋል፣ ውስጡን በብርሃን ያየዋል። ስባሪ ይዞ የሚመጣ ተንኮለኛ ቀረ፣ ሙሉውን መቀበሉን ራሱ አይቶታልና። ለቅሶ ቤቶቹም ወደ እድራቸው ተመለሱ። አልፎ አልፎ የእውነት ብልሹ ይመጣል፤ ከይሪያ ያለ አንዳች ክርክር ትለውጣለች። ያ የለወጠችለት ሰው ደግሞ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

ክረምቱ እያለቀ የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከበበ ራሱ መጣ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ፣ ሻይ ይቀርባል፣ ፔርሙዝ ያስፈልጋል። ግማሽ ደርዘን ፈለገ። ከይሪያ ለሁሉም እንደምታደርገው አንድ በአንድ ሞክራ አሳየችው። ጣውላውንም አነበበችለት፤ ለሁሉም ታነባለች። እሱ ወደ መንገዱ እያየ «እሺ፣ እሺ» አለ። ከፈለ፣ ደረሰኝ ወሰደ፣ ሄደ።

በዓሉ አለፈ። ከበዓሉ በኋላ ጓድ ከበበ ስድስቱን ፔርሙዝ በማዳበሪያ ጆንያ አሸክሞ መጣ።

«ጓዲት ከይሪያ፣ እነዚህ ከእንግዲህ አያስፈልጉንም። ገንዘቡን መልሺ፤ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።»

ከይሪያ አንዱን ከፈተች። ሻይ። ሌላውን ከፈተች። ሻይ። ሁሉንም ከፍታ ሁሉንም አሸተተች፣ አልቸኮለችም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጉድለት አግኝተውባቸዋል?»

«ጉድለት አላልኩም። አያስፈልጉንም ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው አልቀበልም። ተጽፏል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ጓድ ከበበ ሳቀ። «መጻፍ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው? በዚህ ቀበሌ ደንብ የሚያወጣው ሕዝቡ ነው።»

«ሕዝቡማ አንብቦት ነው የሚገዛኝ። እርስዎም እሺ ብለው ነው የወሰዱት። ባይመችዎ ያን ቀን ይተዉት ነበር።»

ሰው ቆሞ እያየ ነበር፤ ሾላ ላይ ሰው የማይቆምበት ነገር የለም። ጓድ ከበበ ድምፁን አለዘበ፤ ድምፁ ሲለዝብ ነው የሚፈራው። «በዚህ ዘመን ስግብግብ ነጋዴ የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ?»

ከይሪያ እንዳልፈራች አድርጎ መናገር ውሸት ይሆናል፤ በጣም ፈራች። ልጆቿ በዓይኗ ላይ ዞሩ። ስድስት ያገለገለ ፔርሙዝ ብትቀበል ግን ለሚቀጥለው ኮታ የሚከፈል አይኖራትም፤ ያም ሌላ የመዘጊያ መንገድ ነው። በፍርሃትም ተዘጋ በድፍረት መዘጋቱ ካልቀረ፣ አለች በልቧ፣ በራሴ ቃል ይዘጋ።

«አውቃለሁ» አለች። «ያገለገለ ዕቃ ግን አልቀበልም።»

በማግስቱ በቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ተጠራች። የሸንጎው ሰብሳቢ አቶ በዳዳ ነው፤ ከዱሮ ጀምሮ አስታራቂ ሽማግሌ የነበረ፣ ሲናገር የሚዘገይ፣ ሲፈርድ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ የሚዘገይ ሰው። ሁለት ሴቶች ከጎኑ ተቀምጠዋል። ጓድ ከበበ ከሳሽ ሆኖ ቆመ፤ ስድስቱ ፔርሙዝ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። በአንድ ሌሊት ነገሩ ተለውጦ ነበር። ፔርሙዞቹ አሁን አያስፈልጉም ሳይሆን ሙቀት አይዙም ሆነ።

«ነጋዴዋ ብልሹ ዕቃ ለሕዝብ ድርጅት ሸጣለች» አለ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?» አለ አቶ በዳዳ።

«አባባ፣ ሙቀት ካልያዙ ክርክር የለኝም፤ በዚህች ሰዓት እመልሳለሁ። ውላችን ይኸው ነው። የፈላ ውሃ ያስመጡልኝ።»

ከቀበሌው ሻይ ቤት ውሃ መጣ። ስድስቱም ተሞሉ፣ ተከደኑ። ሸንጎው እስከዚያ ድረስ ሁለት ጎረቤቶች በአጥር የተጣሉበትን ነገር ሰማ። ነገሩ ሲያልቅ አቶ በዳዳ ራሱ ተነስቶ እጁን በየፔርሙዙ ላይ አሳረፈ። አምስቱ ከውጭ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ክዳናቸው ሲከፈት እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል። አንዱ ግን ቆርቆሮው ሞቆ ነበር።

ጓድ ከበበ «ይኸው» አለ።

ከይሪያ ያን አንዱን አንስታ አየችው። ስትሸጠው ሞክራዋለች፤ ደህና ነበር። ይውደቅ አይውደቅ አታውቅም፤ የተጨረማመተ ቦታ የለውም፣ ውስጡም አልተሰነጠቀም። መጠርጠር ትችል ነበር። ግን የተጠራጠረች ጊዜ ሁሉ ለራሷ የምትፈርድ ከሆነ ጣውላው ቀለም ብቻ ነው። ከመቀነቷ ፈትታ የአንዱን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የምለውጠው እዚህ ስላልያዝኩ ገንዘቡ ይኸው። መውደቁን ማሳየት ስላልቻልኩ ጥርጣሬው ለገዢው ይፈረድ። አምስቱ ግን ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የእርስዎ ናቸው።»

ከሴቶቹ አንዷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አቶ በዳዳ ጢሙን ዳበሰ። ሁሉም ወደሱ ያያል። እውነቱ ጠረጴዛው ላይ እየጨሰ ነበር፤ ሽማግሌውም አይቶታል። ግን ጓድ ከበበንም አየው።

«ለሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ተቀጥሯል» አለ።

ከይሪያ ያን ጊዜ የጠላችው ሊቀመንበሩን ሳይሆን ሽማግሌውን ነበር፤ ሊቀመንበሩስ ጠባዩ ነው።

ከሸንጎው ስትመለስ ሱቋ ታሽጎ አገኘችው። በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ «ያለአግባብ የያዘችውን የሕዝብ ገንዘብ እስክትመልስ ታሽጓል» ይላል። ኢቲቻ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ጣውላው ግን ከወረቀቱ በላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ጣውላውን አውርድ ብሎ ያዘዘው የለም።

ያን ሳምንት ከይሪያ ምን እንደበላች እሷ ናት የምታውቀው። ገበየሁ ሌላ ሰው ሳያየው መጥቶ «የመጨረሻዋን መስመር ላጥፋት፣ ምናልባት ይበርድለት» አላት።

«ያቺን ካጠፋህ የቀረውንም አጥፋው» አለችው።

ቅዳሜ መጣ። ገበያው ገና ሳይሞላ ከይሪያ ባዶ ካርቶን ይዛ መጥታ በታሸገው በር ፊት ለፊት ተቀመጠች። ኢቲቻ ተቁነጠነጠ።

«እትዬ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም።»

«መንገድ ነው፤ መንገዱን አላሸጋችሁትም። ቅዳሜ ያምጡት ብዬ የጻፍኩላቸው ሰዎች አሉ። መጥተው ሲያጡኝ ምን ይበሉ?»

ኢቲቻ ወደ ሌላ በኩል ዞረ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል እታገኝ የምትባል ሴት መጣች። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ነው የመጣችው። በእጇ ፋኖስ አንጠልጥላለች፤ የፋኖሱ ሆድ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ላምባ ጠጥቷል። በሩን አይታ ቆመች።

«ያንጠባጥባል» አለች። «ልጆቹ የሚተኙበት ቤት ነው፤ እሳት እንዳይነሳ ፈርቼ ሳላበራው ሰነበትኩ። ግን ሱቁ...»

«አሳይኝ እስቲ እህቴ።»

ከይሪያ ጨርቁን ፈትታ ሆዱን በጣቷ ዳበሰችው። ከብየዳው ሥር ላምባው ያዥ ነበር፤ ሲሸጥ ያልታየ፣ ውሎ አድሮ የሚወጣ ዓይነት ቀዳዳ። ከመቀነቷ ፈታች። ለልጆቿ የሳምንት አስቤዛ ያስቀረችው ነው። ቆጥራ ለእታገኝ ሰጠቻት።

«አዲስ ልለውጥልሽ ነበር፤ ዕቃው ከበስተኋላዬ ተቆልፎበታል። ገንዘብሽ ይኸው።»

እታገኝ ገንዘቡን ይዛ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «ገንዘብ አልመልስም ብላ ታሸገች ነው የሚለው እኮ» አለች ግራ ገብቷት።

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሰው ተሰበሰበ። ሌላም ሰው ፔርሙዝ ይዞ መጣ፤ ከይሪያ አየችው፤ ጠርሙሱ ተሰብሮ ይንኳኳል። «ይህ ወድቋል ወንድሜ» አለችው፤ ሰውየውም ጣውላውን አየና «ልሞክር ብዬ ነው» ብሎ ሄደ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ መሃል ጓድ ከበበ ደረሰ።

«የታሸገ ሱቅ ላይ ንግድ ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

«እየሸጥኩ አይደለም። ሱቁ ነው የታሸገው ጓድ ሊቀመንበር፣ ቃሌ አልታሸገም።»

«ተነሽ።»

ከይሪያ ተነሳች። ግን ለመሄድ አልነበረም። «እርስዎ ያሸጉኝ መልሺ ብለው ነው። ይኸው እየመለስኩ ነው፤ ለሚገባው። አሁን አትመልሺ ካሉኝ ያንን ወረቀት ያርሙት፤ ሰው ማንበብ ተምሯል።»

ጓድ ከበበ ወደ ኢቲቻ አየ፤ ኢቲቻ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሏል። ሊቀመንበሩ ማን ማን እንደቆመ በኋላ ሊያስታውስ እንደሚፈልግ ሁሉ ሰዉን አንድ በአንድ ተመለከተ። ማንም አልሄደም። የሾላ ሰው ሲያስፈሩት ብዙ ጊዜ ይሄዳል፤ ያን ቀን አልሄደም።

ከሰዉ ኋላ አቶ በዳዳ ነበር። በርበሬ ሊገዛ ነው የወጣው፤ ዘንቢሉን ይዟል። ሁሉንም ሰምቷል። ሰዉ መንገድ ሲለቅለት ወደኋላ ማፈግፈግ አልቻለም፤ እግሩ ራሱ አሳልፎ ሰጠው። መጥቶ ከጣውላው ሥር ቆመ። ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበው፤ በፈላ ውሃ የሚለውን፣ ጉድለት የሚለውን፣ ቅዳሜ የሚለውን። የጎበጠችው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ይበልጥ ከፍ አደረገ።

«ገዢው ማንም ይሁን ማን ውላችን አንድ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ጓድ ከበበ፣ የቀጠሮው ቀን ደርሷል። ሸንጎው ውሉን ትክክል ብሎታል። አምስቱ ፔርሙዝ የቀበሌው ናቸው፣ ይውሰዷቸው።»

«ሸንጎው በመንገድ ላይ አይፈርድም።»

«እንግዲህ ዘግይቻለሁ፤ ቢሮ እስክደርስ አልጠብቅም» አለ ሽማግሌው። ዓይኑን ግን ከጓድ ከበበ አሽሽቶ ዘንቢሉ ላይ ጣለ። ከይሪያ አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አዘነችለት።

ጓድ ከበበ ምን እንደሚያደርግ ማንም አላወቀም። ነገ ሌላ ቀን ነው፤ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ማኅተም ይኖራል። ይህንን ከይሪያም ታውቃለች፤ አቶ በዳዳም ያውቃል። አሁን ግን ዛሬ ነው፤ ገበያው ደግሞ ሙሉ ነው።

«ወረቀቱን ማን ይንቀለው?» አለች ከይሪያ።

«የለጠፈው» አለ አቶ በዳዳ።

ሊቀመንበሩ የቆመውን ሰው ዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ሙጫው ጠንካራ ነበር፤ ወረቀቱ አንዴ አልተነቀለም፤ በጥፍሩ እየፋቀ፣ ቁርጥራጩን መሬት እየጣለ፣ ሕዝቡ እያየው ቆየ። ከይሪያ አልረዳችውም። ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ደህና ፔርሙዝ ይኖራታል እንዴ ዛሬ?» ስትል ተሰማች። ከይሪያ ቁልፏን ከመቀነቷ አውጥታ ሊቀመንበሩ ፍቆ እስኪጨርስ ጠበቀች።